ሎሽኑ ስንተኛው ስላይድ ላይ ይግባ?

«ሰላም እህቴ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለኝ። ሽታ የሌለው 400 ሚሊ ሊትር ሎሽን አስገብቻለሁ፤ ዋጋው 780 ብር ነው። ጀርባው ላይ ግሊሰሪን፣ ሺያ ቅቤና ዳይሜቲኮን ይላል። ጠርሙሱን ፎቶ አንስቼ ‹ቆዳዎ ደርቋል? መፍትሄው እኛ ጋ አለ!› ብዬ ለጠፍኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ስለ ቆዳ እያስተማርኩ በዚያው ሎሽኑን ቀስ አድርጌ የምሸጥበት፣ ስላይድ በስላይድ በጣት እየተገፋ የሚታይ ካሩሰል እንዴት ነው የምጽፈው?»

አብሽሪ። የጠርሙሱ ጀርባ እንዳልሽው ከሆነ የምትጽፊበት ነገር በእጅሽ ነው ያለው። ጠርሙሱን ለጊዜው መደርደሪያው ላይ ተይውና ደንበኞችሽ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሚጠይቁሽን አስታውሺ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ደሴ ውስጥ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ቫዝሊን ጠዋት ጠዋት እቀባለሁ፤ ከሰዓት ግን እግሬ አመድ ይመስላል። ምን ይሻለኛል?» ካሩሰልሽ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ይሄኛውን የመረጥኩት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀው ብቻ አይደለም። እውነተኛው መልስ የሚያልፈው ሎሽንሽ በሚሠራው ሥራ በኩል ስለሆነ ነው። ብዙ ሱቆች «ለቆዳዎ 5 ምክሮች» ብለው ይጀምራሉ። ውሃ ጠጡ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ፀሐይ ተከላከሉ፣ ፍራፍሬ ብሉ ይላሉ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ሎሽን ዱብ ይላል። አንባቢዋ ምክሩ ለማባበያ እንደገባ ወዲያው ይገባታል። ከእንቅልፍ ወደ ሎሽን የሚያሻግር መንገድ የለማ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። መልሱን እስከ መጨረሻው ሂጂበት። ሎሽኑን መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ።

መጀመሪያ አንቺው ትምህርቱን በደንብ ያዢው፤ ኮሜንት ላይ መጠየቅሽ አይቀርም። የቆዳችን የላይኛው ስስ ሽፋን ለስላሳ የሚሆነው ውስጡ ባለው ውሃ ነው። ውሃው ሁልጊዜ ወደ አየር ይተናል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት። በበጋ ወራት አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሚሆን ከቆዳ ላይ የሚወጣው ውሃ ይጨምራል። ሽፋኑ ሲደርቅ ጫፍ ጫፉ ይነሳና ብርሃኑን ይበትነዋል። በጠይም ቆዳ ላይ ያ ነው አመድ ሆኖ የሚታየው።

ቫዝሊን ራሱ ውሃ የለውም። ሥራው መክደን ነው፤ ከታች ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይይዛል። በዚህ ሥራ ደግሞ እጅግ ጎበዝ ነው። ግሊሰሪን ሌላ ሥራ አለው፤ ውሃ ስቦ ሽፋኑ ውስጥ ያቆያል። ሺያ የተነሳውን ጫፍ ጫፍ እየሞላ ያለሰልሳል። ዳይሜቲኮን ከቫዝሊን ቀለል ብሎ ይከድናል፤ ልብስም እንደ ቫዝሊን አያጨማልቅም። ስለዚህ ያንቺ ሎሽን የሚስብም፣ የሚያለሰልስም፣ የሚከድንም አለው። ከዚያ ሁሉ ግን የሚቀድመው ሰዓቱ ነው። ሰው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለብሶ፣ ቁርስ በልቶ ሲቀባ ከመታጠቢያው የተገኘው ውሃ አብዛኛው ተንኗል። ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ቢቀባ ግን ውሃው እዚያው ይያዛል። የካሩሰሉ ትምህርት ይሄው ነው። ሌላ አትጨምሪበት። ሳሙና ቆዳን የማድረቁን ጉዳይ ለሌላ ፖስት አቆዪው፤ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

አሁን ወደ ስላይዶቹ እንግባ። ስምንት ይበቃሉ። ኢንስታግራም እስከ 20 ይቀበላል፤ ቴሌግራም ግን በአንድ አልበም ከ10 በላይ አይወስድም። ስምንት ከሆነ ሳትቆራርጪ ሁለቱም ጋ ትለጥፊዋለሽ። የአነጋገሩን ነገር ደግሞ ቀድመሽ ወስኚ። «ቆዳዎ» ማስታወቂያ ማስታወቂያ ይሸታል። «ቆዳሽ» ካልሽ ወንዶቹ አለፉሽ፤ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሹፌር ተረከዙ ተሰንጥቆ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። «እናንተ» ብለሽ ጻፊ፤ ሁሉንም ይይዛል፣ ቅርበቱም አይጠፋም።

የመጀመሪያው ስላይድ ላይ ጠርሙስ አይታይም። የሚታየው እግር ነው። ከሰዓት፣ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የራስሽን ወይም የፈቀደችልሽን ሰው ቅልጥም በቅርበት አንሺ። ከማንሳትሽ በፊት በጥፍር ቀስ ብለሽ አንድ መስመር ጫሪበት። ደረቅ ቆዳ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ያቺ መስመር ከማንኛውም ዲዛይን የበለጠ ትሠራልሻለች፤ እያንዳንዱ ሰው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ የራሱን ይሞክራል። ከኢንተርኔት ያወረድሽውን የነጭ ሴት እግር እንዳታደርጊ፤ አመዱ እዚያ ላይ አይታይም፣ ሰውም ራሱን አያይበትም። ፎቶው ላይ ይሄን ጻፊ፦

«ጠዋት ትቀባላችሁ። ከሰዓት እግራችሁ አመድ ይመስላል። ለምን?»

ሁለተኛው ላይ መልሱን ቶሎ ስጪ። «መልሱን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ያንብቡ» የሚለው ሰውን ያሰለቻል። ሌላም ምክንያት አለኝ። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን አይቶ ላለፈ ሰው አንዳንዴ ካሩሰሉን ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ ያመጣለታል። ስለዚህ ሁለተኛው ለብቻውም ቢታይ መቆም አለበት፦

«ቅባቱ ላይሆን ይችላል ጥፋቱ። የምትቀቡበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።»

«ላይሆን ይችላል» ማለቴን ልብ በይ። ሰው የሚጠቀምበትን ነገር እያጣጣልሽ አትጀምሪ። ወሎ ውስጥ እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ተቀብተው ነው ያሳደጉን፤ ቅቤም ይከድናል። «ቫዝሊን አይጠቅምም» ብለሽ ከጻፍሽ ውሸት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሎሽንሽ የምትይውን ማን ያምንሻል?

ሦስተኛውና አራተኛው ምክንያቱን ያስረዳሉ። ብዙ ሰው የሚደናበረው እዚህ ነው፤ ወይ የመማሪያ መጽሐፍ ይሆንበታል፣ ወይ ምንም አይነገርበትም። «የቆዳዎን የእርጥበት ሚዛን ይጠብቃል» የሚለውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተይው። እንዲህ በይ፦

«ቆዳ የሚለሰልሰው በውሃ ነው። የደሴ ደረቅ ብርድ ውሃውን ቀኑን ሙሉ ይወስደዋል።»

ቀጥሎ፦

«ቫዝሊን ውሃ የለውም፤ ክዳን ነው። ቆዳው ከደረቀ በኋላ ስትከድኑት የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው።»

ይሄ አራተኛው በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። «ምንም አይዝም» አላልኩም፤ ከታችኛው ሽፋን ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ስለሚወጣ ዘግይቶ የተቀባ ቫዝሊንም ይረዳል። አንድ ፋርማሲስት ወይም የጤና ባለሙያ ኮሜንት ላይ ገብቶ የማያርምሽ ጽሑፍ ይሄ ነው።

አምስተኛው ማድረግ ያለባቸውን ይነግራል፦ «ታጥባችሁ ስትወጡ በፎጣ አትፈትጉ፤ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ብቻ አድርቁ። ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ። ቫዝሊንም ቢሆን።» የመጨረሻዋን ሁለት ቃል እንዳትሰርዢያት። ነጋዴ ስለሆንሽ እጅሽ ወደ መሰረዙ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ግን ፖስቱን ከማስታወቂያ ወደ ምክር የምትለውጠው እሷ ናት። 780 ብር የሌላት ሴት ዛሬውኑ ቤቷ ባለው ቫዝሊን ትሞክረዋለች፣ ለውጡን ታያለች፣ ለእህቷ ትልከዋለች። እህቷ ትገዛ ይሆናል።

ስድስተኛውን ስላይድ ለአገራችን ሰው ብዬ ነው የጨመርኩት። በቀን አንዴ ብቻ አይደለም የምንታጠበው። ውዱእ የሚያደርግ ሰው እጁን፣ ፊቱንና እግሩን በቀን እስከ አምስት ጊዜ ያረጥባል፤ ብዙው ደግሞ በአየር ነው የሚደርቀው። ልብስና እቃ የምታጥብ ሴት እጅም እንደዚያው ነው። ውሃው ሲተን ቆዳውን አድርቆት ይሄዳል። «ከውዱእ በኋላ፣ እቃ ካጠባችሁ በኋላ፣ እጅና እግር ላይ ትንሽ ጣል አድርጉ» ብለሽ ጻፊ። በኋላ እንጂ በፊት አትበይ። ወፍራም ቅባት ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ይከለክላል ወይ የሚል ጥያቄ ኮሜንት ላይ ይመጣል። እሱን አንቺ አትፍረጂ፤ ለሚያውቁት ሼሆች ተይው። አንቺ ከታጠቡ በኋላ መቀባትን ብቻ ነው የምትመክሪው።

ሰባተኛው ድልድዩ ነው። ገና ሎሽንሽ አልመጣም፤ ማንኛውንም ሎሽን ሲገዙ ጀርባው ላይ ምን እንደሚፈልጉ ታስተምሪያቸዋለሽ፦

«ሎሽን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። የሚስብ፦ ግሊሰሪን። የሚያለሰልስ፦ ሺያ ቅቤ። የሚከድን፦ ዳይሜቲኮን ወይም ፔትሮላተም።»

እዚህ ላይ የጠርሙሱን ጀርባ በቅርበት አንስተሽ ሦስቱን ስሞች በጣትሽ ወይም በቀለም አመልክቺ። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፉ ሰው ፎቶውን አይቶ ማመሳሰል ይፈልጋል፤ ፔትሮላተም የሚባለው ያው ቫዝሊን ነው። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ከብዙ ወደ ትንሽ ነው የሚደረደረው። ግሊሰሪን ከላይ፣ ከውሃ ቀጥሎ ባሉት ውስጥ ካለ ደህና መጠን አለው ማለት ነው። ከሽቶው በታች መጨረሻ ላይ ከተገኘ ለስም ነው የገባው። ለመሆኑ ያንቺው የት ጋ ነው? ከመለጠፍሽ በፊት አይተሽ እርግጠኛ ሁኚ። ሰው ሱቅሽ መጥቶ ጠርሙሱን ገልብጦ ያያል፤ አንቺው ነሻ ያስተማርሽው።

ስምንተኛው ላይ ሎሽኑ ይመጣል፤ አንዴ ብቻ፣ ሳያፍር፦

«እኛ ጋ ያለው ይሄ ነው። ሦስቱም አሉት፤ ሽታ የለውም። 400 ሚሊ ሊትር፣ 780 ብር። ለሁለት እጅና ለሁለት እግር በቀን አንዴ፣ ወደ 26 ቀን። ፒያሳ።»

26 ቀን ከየት መጣ? ለአንድ እግር ከነመርገጫው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ወደ 5 ሚሊ ሊትር፣ ይበቃል። ለአንድ እጅ ከነክንዱ ግማሹ። በድምሩ በቀን 15 ሚሊ ሊትር ነው። 400ን ለ15 ስታካፍይው ከ26 ቀን ትንሽ ይበልጣል። በብር ሲታሰብ በቀን ወደ 30 ብር ነው። ይሄን ለምን ትጽፊዋለሽ? 780 ብር ለብቻው ሲታይ ያስደነግጣል፤ «ስንት ጊዜ ይቆየኛል?» የሚለው ደግሞ ሁሉም በልቡ የሚያስበው ግን አፍሮ የማይጠይቀው ነው። «አንድ ጠርሙስ ሦስት ወር» ብለሽ ከዋሸሽ ግን በወሩ ባዶ ጠርሙስ ይዛ ትመጣብሻለች።

ቀስ አድርጎ መሸጥ ማለት መደበቅ ማለት አይደለም። እንደ ገለልተኛ አማካሪ መስለሽ «አንድ ጥሩ ሎሽን አግኝቼ» አትበይ። «እኛ ጋ ያለው» በይ። ሱቅ መሆንሽን ሁሉም ያውቃል፤ ግልጽ ስትሆኚ ከፊት ያሉት ሰባት ስላይዶች ይበልጥ ይታመናሉ። ዋጋውንም «በኢንቦክስ» ብለሽ አትሸሽጊ። ኢንቦክስ የምትገባ ሴት ዋጋ ልትከራከር ነው የምትመጣው፤ ዋጋውን አይታ የመጣች ልትገዛ ነው።

በተረፈ ዲዛይኑ ላይ ብዙ አትድከሚ። መጠኑን 1080 በ1350 ፒክስል አድርጊ፤ ቁመቱ ስለሚረዝም ስልክ ላይ ሰፋ ብሎ ይታያል። የአማርኛ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በትንሹ ሲጻፍ ይዋጣል። አንድ ስላይድ ላይ ከ20 ቃል ብዙ እንዳይዘል፤ ስምንተኛው ትንሽ ቢያልፍ ግድ የለም። ጨርሰሽ በራስሽ ስልክ፣ እጅሽን ዘርግተሽ አንብቢው። ዓይንሽን ካጨነቆረሽ ቃል ቀንሺ እንጂ ፊደሉን አታሳንሺ። ከስር የሚገባው ጽሑፍ ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ ጥያቄውን መልሰሽ፣ አድራሻሽን ጨምረሽ።

የማትጽፊያቸው ነገሮችም አሉ። «ችፌን ይፈውሳል»፣ «ማድያት ያጠፋል»፣ «ቆዳ ያነጣል» እንዳትዪ። ሎሽንሽ ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል፤ መድኃኒት አይደለም። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ ግን ጉዳት አለው፤ ችፌ ያለበት ልጅ ያላት እናት ያንቺን ሎሽን ገዝታ ሕክምናውን ታዘገያለች። በፊትና በኋላ የሚል ፎቶም የምታነሺ ከሆነ አንድ መስኮት፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ እግር ይሁን። እኔን ብትጠይቂኝ ከዚያ የሚሻለው የሁለት እግር ፎቶ ነው። አንዱን እግር ገና እርጥብ እያለ፣ ሌላውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በዚያው ሎሽን ቀቢና ከሰዓት ጎን ለጎን አንሺያቸው። ልዩነቱ ከታየ አምስተኛው ስላይድ ላይ አስገቢው። ካልታየ አታስገቢው፤ ብርሃን እያስተካከልሽ ልዩነት አትፍጠሪ።

ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ፈተና አድርጊበት። ስምንተኛውን በእጅሽ ሸፍነሽ ለጎረቤትሽ ባለሱቅ አስነብቢያት። «ምን አወቅሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። «እርጥብ እያለ መቀባት» ካለችሽ ትምህርቱ ደርሷል። ቀጥለሽ «ታዲያ ምን ዓይነት ልግዛ?» ብላ ራሷ ከጠየቀችሽ ድልድዩ ሠርቷል። «ጥሩ ነው» ብቻ ብላ ስልኩን ከመለሰችልሽ ሰባተኛው ላይ ችግር አለ፤ የጀርባው ፎቶ አይነበብም ወይም ሦስቱ ሥራዎች አልተለዩም።

ከለጠፍሽ በኋላ ደግሞ ላይክ አትቁጠሪ። ሴቭ ያደረጉትንና ለሰው የላኩትን እዪ። እነሱ ብዙ ሆነው ሱቅ የሚመጣ ከሌለ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ስምንተኛው ግን ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ አድራሻው ወይም ዋጋው ስለማይታይ ነው። ሴቭ የሚያደርግም ከሌለ የመጀመሪያው ስላይድ አልያዘም፤ ፎቶውን ብቻ ቀይረሽ በሌላ ሳምንት ድገሚው፣ ጽሑፉን አትንኪው። ለኮምቦልቻ ደንበኞችሽ ስትለጥፊው ሦስተኛው ላይ ያለውን «የደሴ ደረቅ ብርድ» ቀይሪው። እዚያ ዝቅ ያለና ሞቃት አገር ነው፤ ቆዳውን የሚያደርቀው የበጋው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው።

ኮሜንት ላይ «ያሳክከኛል፣ ቆስሏል፣ ውሃ ይቋጥራል» የሚል ከመጣ ሎሽን አትሽጪለት። «ይሄ ሐኪም ማየት አለበት» ብለሽ በግልጽ እዚያው መልሺለት፤ ሌሎቹም ያነቡታል።